34/30 ላይ ለምን አይቆምም?

(ሐዋሳ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪ ወላጆች ካደረግኩት ንግግር። ለንባብ እንዲመች አስተካክዬ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ሰሌዳው ከዚያ አይታይም። ለሙቀቱ ምንም ማድረግ አልችልም። መስኮቱን ከፍተነዋል፣ ቀሪውን ለሐይቁ ነፋስ ትተነዋል።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ፎቶ ነው። በቴሌግራም የደረሰኝ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ፎቶ ነው። የላከችልኝ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ናት። ስሟን አልጠራም። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብላለች፦ «መምህር፣ ልጄ 34/30 አገኘ። ጓደኛው 1 ከ 2/15 አገኘ። እኔ ደግሞ 1/2 አገኘሁ። ማናችን ነን ልክ?»

ጥያቄው 5/6 + 3/10 ነው። ከሦስቱ መልሶች ሁለቱ ልክ ናቸው፣ አንዱ ስህተት ነው። ከሁለቱ ልክ መልሶች ደግሞ አንደኛው ገና አላለቀም። የቱ የቱ እንደሆነ በየተራው እንደርስበታለን። መጀመሪያ ግን ፎቶውን ራሱን እንየው፤ ምክንያቱም ብዙ ስህተት የሚገባው ገና ሳንደምር ነው።

ገጹ ላይ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። «ሀ» 5/6 + 3/10 ነው። «ለ» 4 ከ 1/6 ሲቀነስ 1 ከ 7/10 ነው፤ ማለትም ከአራት ሙሉና አንድ ስድስተኛ ላይ አንድ ሙሉና ሰባት አሥረኛ መቀነስ። «ሐ» 7/12 + 3/8 ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ፎቶውን ሁለተኛ አስነስቼ ነው። መጀመሪያ የመጣው ላይ የገጹ አናት ተቆርጧል፣ በመጽሐፉ መሐል እጥፋት በኩል ያለው ጎን ጨልሟል፣ «ሀ» ላይ ያለው 6 ደግሞ 8 ይመስል ነበር።

6 ወይስ 8 የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። 5/8 + 3/10 ቢሆን መልሱ 37/40 ነው፤ ከአንድ ያንሳል። 5/6 ከሆነ ግን ከአንድ ይበልጣል። ልጁ እንከን የሌለው ሥራ ሠርቶ መልሱ ከጓደኛው ጋር ላይገጥም ይችላል። ያኔ ስህተቱን መደመሩ ላይ ሲፈልግ ያመሻል፤ ስህተቱ ያለው ግን ካሜራው ላይ ነው።

የባሰው «ለ» ላይ ነው። 4 ከ 1/6 መጽሐፉ ላይ እንዴት እንደሚታተም ታውቃላችሁ። 4ቱ ትልቅ ሆኖ ይቆማል፣ አጠገቡ ትንሽ 1 ከላይ፣ መስመር፣ ትንሽ 6 ከታች። ፎቶው ሲደበዝዝ 4ቱና 1ዱ ይጠጋጉና 41/6 ይሆናሉ። 41/6 ማለት 6 ከ 5/6 ነው። ከአራት ትንሽ አለፍ የሚለው ቁጥር ሰባት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ቁጥር ሆኖ ያርፋል።

አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር ላሳያችሁ። ሁለተኛው ቁጥር 1 ከ 7/10 ነው። እሱንም በዚያው ዓይን 17/10 ብለን ብናነበውስ? ምንም አይለወጥም! 1 ሙሉ ማለት 10/10 ነው፤ 7/10 ሲጨመርበት 17/10። ታህቱ 10 ስለሆነ ብቻ የተሳሳተው ንባብ ከትክክለኛው ጋር ገጠመ። ልጁ ይህን አይቶ «ተጠግተው ቢነበቡም ያው ነው» ብሎ ካሰበ 4 ከ 1/6 ላይ ይወድቃል። 1 ሙሉ በስድስተኛ ሲቆጠር 6 እንጂ 10 አይደለማ።

ለመለየት መስመሩን እዩ። ክፍልፋይን ከላይና ከታች የምትከፍለው አግድም መስመር 4ቱ ሥር ድረስ ከተዘረጋች ቁጥሩ 41/6 ነው። ከ1ዱ ሥር ብቻ ከቆመችና 4ቱ ከመስመሩ ጎን መሐል ላይ ከተቀመጠ ድብልቅ ቁጥር ነው። (ያቺ መስመር ሁልጊዜ አልነበረችም። የጥንት የህንድ ሒሳብ ሰዎች ሁለቱን ቁጥሮች ያለ መስመር አንዱን ከአንዱ በላይ ይጽፉ ነበር። መስመሯን ከሚታወቁት ቀድሞ ሲጠቀምባት የምናገኘው አል-ሐሳር የተባለ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የማግሪብ ሰው ነው። ደብዛዛ ፎቶ እንግዲህ ከእሱ በፊት ወደነበረው ዘመን ይመልሰናል።)

«ለ» ላይ ሌላም አግድም መስመር አለ፤ የመቀነስ ምልክቱ። እሱም ከክፍልፋይ መስመሮቹ እኩል ከፍታ ላይ ነው ያለው። የመጽሐፉ እጥፋት ከዋጠው ሁለት ቁጥር ብቻ ቀርቶ ይታያችኋል። እንደምር ወይስ እንቀንስ የሚለውን በግምት አትሙሉት።

ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ገጹን በእጅ ዘርጉት፣ ስልኩን ከቀጥታ በላይ ያዙት። ፍላሽ አጥፉ፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ እንደ ፋይል ከላካችሁት እንዳለ ይደርሳል። ከጥያቄው በላይ ያለችውን ትእዛዝ ደግሞ አትቁረጧት። በዚህ ገጽ ላይ ትእዛዟ «አስሉና መልሱን በዝቅተኛ ሂሳባዊ ቃል ጻፉ» ትላለች። የእናትና ልጅ ክርክር ግማሹ እዚያች መስመር ላይ ነበር፤ ትእዛዟ ግን የመጀመሪያው ፎቶ ውስጥ አልገባችም።

እሺ፣ ወደ «ሀ»።

እናትየዋ 1/2 እንዴት እንዳገኘች ገብቶኛል። ላዕሎቹን ደመረች፦ 5 እና 3፣ 8። ታህቶቹን ደመረች፦ 6 እና 10፣ 16። 8/16 አገኘች። አቃለለችው፣ 1/2 ወጣ። የሚያሳዝነው መልሱ ማማሩ ነው! 8/16 በደንብ ይቃለላል፣ የሚወጣውም ንጹህ ነው። ንጹህ መልስ ደግሞ ልክ ይመስላል።

ግን 5/6 ብቻውን ከግማሽ ይበልጣል። ላዩ ላይ ጨምረንበት እንዴት ግማሽ ይሆናል? ይህን ጥያቄ ልጁ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጉ። መደመር ላይ መልሱ ከሁለቱ ቁጥሮች ከአንዳቸው እንኳ ካነሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ተሳስቷል።

ለምን እንደማይደመሩ በሰዓት እንየው። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው። አንድ ስድስተኛ ሰዓት 10 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ 5/6 ማለት ባለ 10 ደቂቃ ቁራጭ አምስት ጊዜ፣ 50 ደቂቃ ነው። አንድ አሥረኛ ሰዓት 6 ደቂቃ ነው። 3/10 ማለት ባለ 6 ደቂቃ ቁራጭ ሦስት ጊዜ፣ 18 ደቂቃ ነው። አምስት ትልልቅ ቁራጭና ሦስት ትንንሽ ቁራጭ ሲደመር ስምንት ቁራጭ ነው፤ ግን የምን ስምንት? አንዱ ባለ 10፣ ሌላው ባለ 6። ስም የለውም። ታህቱ የቁራጩን መጠን ነው የሚነግረን። መጠን ደግሞ አይደመርም፤ መጀመሪያ እኩል ይደረጋል።

እኩል ለማድረግ ባለ 10ሩንም ባለ 6ቱንም ያለ ትርፍ የሚከፍል ቁራጭ እንፈልጋለን። ባለ 2 ደቂቃ ቁራጭ ይሆናል። ባለ 10ሩ አምስት ይወጣዋል፣ ባለ 6ቱ ሦስት ይወጣዋል። አንድ ሰዓት ውስጥ ባለ 2 ደቂቃ ቁራጭ 30 አለ። ያ 30 ነው ልጆቹ ትንሹ የጋራ ብዜት የሚሉት።

ያለ ሰዓት ለማግኘት ደግሞ ቀላሉ መንገድ ትልቁን ታህት እየቆጠሩ መሄድ ነው። 10፤ ለ6 ይካፈላል? አይካፈልም። 20፤ አይካፈልም። 30፤ ይካፈላል። በቃ። የሁለቱንም ብዜት በረድፍ ዘርዝሮ ማነጻጸር ልክ ነው፤ ግን ጊዜ ይበላል፣ ደብተርም ይበላል።

ታህቱ ከ6 ወደ 30 ሲያድግ በ5 ተባዛ፤ ላዕሉም በ5 ይባዛል። 5/6 = 25/30። ታህቱ ከ10 ወደ 30 ሲያድግ በ3 ተባዛ፤ ላዕሉም በ3። 3/10 = 9/30። እዚህ ጋ ብዙ ልጆች ታህቱን ይቀይሩና ላዕሉን ይረሱታል፤ 5/30 + 3/30 ብለው ይጽፋሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ላዕሎቹ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ዓይነት ሆነው ከቀሩ አልተባዙም። በሰዓት ቢያዩት 5/30 አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ሃምሳው ደቂቃ የት ሄደ?

አሁን ደምሩ። 25 እና 9፣ 34። 34/30። ልጁ እዚህ ደረሰና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ልጁ አልተሳሳተም። 34 ባለ 2 ደቂቃ ቁራጭ 68 ደቂቃ ነው፤ 50 እና 18ም 68 ናቸው። ግን ትእዛዙ «ዝቅተኛ ሂሳባዊ ቃል» ይላል። 34ም 30ም ለ2 ይካፈላሉ። 17/15። 17 ባለ 4 ደቂቃ ቁራጭ፤ አሁንም 68 ደቂቃ። ማቃለል ማለት ይኸው ነው፤ ጊዜው ያው ነው፣ ቁራጩ ተለቀ፣ ብዛቱ አነሰ። 17/15ን በድብልቅ ስንጽፈው 1 ከ 2/15 ይሆናል። አንድ ሰዓት ከ8 ደቂቃ። የጓደኛው መልስ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ 17/15 ራሱ ተቃሎ አልቋል። ወደ ድብልቅ መቀየር ሌላ ሥራ ነው፤ ማቃለል አይደለም። መምህሩ ድብልቅ ካልጠየቀ 17/15 ብሎ የተወ ልጅ ነጥብ ሊቆረጥበት አይገባም ባይ ነኝ። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

አሁን ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ልጆች ማቃለል ላይ የሚጨነቁት በስንት እንደሚያካፍሉ ስለማያውቁ ነው። በ2 ይሞክራሉ፣ በ3 ይሞክራሉ፣ በ5፣ በ7። መቼ እንደሚያቆሙም አያውቁም። መፈለጊያው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ሁለቱን የመጀመሪያ ታህቶች እዩ፦ 6 እና 10። ሁለቱንም የሚያካፍለው ምንድን ነው? 2 ብቻ። እንግዲያው መልሱን ሊያቃልል የሚችለው 2 ብቻ ነው። 3ን መሞከር አያስፈልግም። 5ንም አያስፈልግም።

ለምን? 30 ለ3 ይካፈላል አይደል? ታዲያ 34 ለ3 አለመካፈሉን በምን አውቃለሁ? እዩት። 34 የመጣው ከ25 እና ከ9 ነው። 9 ለ3 ይካፈላል፤ ያገኘነው 3ን በ3 አባዝተን ስለሆነ ግድ ይካፈላል። 25 ግን አይካፈልም፤ ከ5/6 የመጣ ነው፣ 5 ደግሞ ለ3 አይካፈልም። የሚካፈልና የማይካፈል ሲደመር መቼም አይካፈልም። 5 ላይ ነገሩ ተገልብጦ ያው ነው፤ 25 ይካፈላል፣ 9 አይካፈልም። ሁለቱም ተዘጉ። 2 ብቻ ነው ክፍት የቀረው፤ እሱ የሁለቱም ታህቶች ስለሆነ።

ክፍት ነው ማለት ግን ግድ ይቃለላል ማለት አይደለም። 1/6 + 1/15ን ውሰዱ። የ6 እና የ15 የጋራ አካፋይ 3 ነው። 5/30 + 2/30፣ 7/30። 7 ለ3 አይካፈልም፤ አለቀ፣ አይቃለልም። አሁን አንዷን ቁጥር ብቻ ልቀይር፤ 1/6 + 2/15። 5/30 + 4/30፣ 9/30። 9 ለ3 ይካፈላል፤ 3/10። ታህቶቹ ያው፣ አንዱ ይቃለላል፣ አንዱ አይቃለልም። ስለዚህ መሞከር አይቀርም፤ የምትሞክሩት ግን በአንዷ ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። የተሰጡት ክፍልፋዮች ራሳቸው የተቃለሉ መሆን አለባቸው። 3/6 + 3/10 ቢሰጣችሁ 15/30 + 9/30፣ 24/30 ይመጣል፤ 24/30 ደግሞ ለ2ም ለ3ም ይካፈላል፣ 4/5 ይሆናል። 3ቱ ከየት መጣ? ከ3/6። ያልተቃለለ ነበር። ቀድማችሁ 1/2 ብታደርጉት ኖሮ 5/10 + 3/10፣ 8/10፣ 4/5። ስለዚህ ከመደመር በፊት የተሰጠውን አንድ ጊዜ ቃኙት።

እዚህ ላይ ከመሐል አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ እኛ ስንማር ታህቶቹን ዝም ብለን እናባዛቸው ነበር። 6 ጊዜ 10፣ 60። ስህተት ነው እንዴ?»

የለም ጋሼ፣ ስህተት አይደለም። እንሥራው። 5/6፣ 50/60። 3/10፣ 18/60። ድምሩ 68/60። አያችሁ፣ ይኸው ደቂቃው ራሱ መጣ። መንገዱ ሁልጊዜ ይሠራል። የጋራ ብዜት መፈለግ ለሚከብደው ልጅ እኔም እሱን አስተምራለሁ። ዋጋው መጨረሻ ላይ ነው የሚከፈለው። 68/60ን ለማቃለል በ4 ማካፈል አለባችሁ፤ ልጁ በ2 አካፍሎ 34/30 ላይ ይደርስና ጨረስኩ ይላል። ከዚያ 4 ውስጥ አንዱ 2 ከ30 ይልቅ 60ን ስለመረጥን ያመጣነው ትርፍ ነው። ሌላው 2 እውነተኛው ማቃለል ነው። የጠበበው ፍለጋዬም 60 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሞክሮ አይበቃም፤ 30 ላይ ግን ይበቃል።

አሁን «ለ»። ይህኛው የብዙ ቤት ምሽት የሚያበላሸው ነው። 4 ከ 1/6 ሲቀነስ 1 ከ 7/10።

እስክሪብቶ ሳታነሱ ገምቱ። የመጀመሪያው ከ4 ትንሽ አለፍ ይላል። የሁለተኛው 2 ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ስለዚህ መልሱ ከ2 ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ይህን ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፉት፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ታህቶቹ ያው 6 እና 10 ናቸው፤ የጋራው 30 ነው። 1/6 = 5/30። 7/10 = 21/30። እንግዲህ 4 ከ 5/30 ሲቀነስ 1 ከ 21/30። ከ5 ላይ 21 አይቀነስም። ልጆች እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያደርጋሉ።

አንደኛው መገልበጥ ነው። ከ5 ላይ 21 ካልተቀነሰ ከ21 ላይ 5 እቀንሳለሁ ይላል። 16/30። ከ4 ላይ 1 ሲቀነስ 3። መልሱን 3 ከ 16/30 ይለዋል፤ አቃሎም 3 ከ 8/15 ያደርገዋል። ግምታችሁን እዩ። ከ2 ትንሽ ከፍ ብለን ነበር፤ ይህ ከሦስት ተኩል በላይ ነው። ተያዘ።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ብልህ ነው። ልጁ መበደር እንዳለበት ያውቃል። ከ4ቱ አንድ ይበደራል፣ 3 ይቀራል። የተበደረውን ግን እንደለመደው 10 አድርጎ 5 ላይ ይጨምረዋል፤ 15/30። ከ15 ላይ 21 አሁንም አይቀነስም፤ ልጁ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ ወይ ያለቅሳል ወይ ይገለብጣል። ሙሉ ቁጥር ስንቀንስ 10 የምንበደረው አንድ አሥር ውስጥ አሥር አንዶች ስላሉ ነው። እዚህ የምንበደረው አንድ ሙሉ ነው፤ አንድ ሙሉ ውስጥ ስንት ሠላሳኛ አለ? 30። ስለዚህ 5 ላይ የሚጨመረው 30 ነው። 35/30።

3 ከ 35/30 ሲቀነስ 1 ከ 21/30። ከ3 ላይ 1፣ 2። ከ35 ላይ 21፣ 14። 2 ከ 14/30። ማቃለያው የት ነው የሚፈለገው? 6ንም 10ንም የሚያካፍለው 2 ነው። 14 ለ2 ይካፈላል፤ 2 ከ 7/15። ከ2 ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ከግምታችን ጋር ይስማማል። የማቃለሉ ሕግ ለመቀነስም ያው እንደሆነ ልብ በሉ። የሚካፈልና የማይካፈል ሲቀናነስም አይካፈልም።

በሰዓት እንፈትሸው። ከዚህ ከሐዋሳ አዲስ አበባ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። መንገድ ላይ ስትጠይቁ ሹፌሩ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ተጉዘናል አላችሁ። ስንት ቀራችሁ? ማንም ወረቀት አልፈለገም፤ አንዱን ሰዓት ሰብራችሁ 60 ደቂቃ አደረጋችሁት፤ 10ሩ 70 ሆነ፤ 42 ተቀነሰ፤ 28። ሁለት ሰዓት ከ28 ደቂቃ። 28/60 ደግሞ 7/15 ነው። አያችሁ፣ ሰዓት ላይ ማንም 10 አይበደርም። ልጁ ሰዓት ላይ 60 የሚበደረው ለምን እንደሆነ ከገባው፣ ሠላሳኛ ላይ 30 የሚበደረው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

መበደር አልወድም የሚል ልጅ ሌላ መንገድ አለው። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ወደ ክፍልፋይ ይቀይር። 4 ከ 1/6፣ 25/6 ነው፤ 4 ጊዜ 6፣ 24፣ ሲደመር 1። 1 ከ 7/10፣ 17/10። ከዚያ 125/30 ሲቀነስ 51/30፣ 74/30፣ 37/15፣ 2 ከ 7/15። ቁጥሮቹ ይተልቃሉ፤ መበደር ግን የለም። ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው። ልጁ ማባዛቱ ጠንካራ ከሆነ ይህን ስጡት።

ፎቶው 41/6 ተብሎ ተነብቦ ቢሆንስ? 205/30 ሲቀነስ 51/30፣ 154/30፣ 77/15፣ 5 ከ 2/15። ሒሳቡ ንጹህ ነው፣ አቃላሉም ንጹህ ነው። ጠርዝ ላይ ያለው «ከ2 ትንሽ ከፍ» ካልተጻፈ የሚይዘው ነገር የለም። ግምቱ የተሠራው መጽሐፉን በዓይን አይቶ ከሆነ ግን የፎቶውንም ስህተት ይይዛል። ስለዚህ መጽሐፉ ቤት ካለ ግምቱን ከመጽሐፉ ላይ ሥሩ፤ ፎቶው ላይ አይደለም።

«ሐ» ቀርታናለች፦ 7/12 + 3/8። እዚህ ሰዓቱን ማስቀመጥ አለብን። አንድ ስምንተኛ ሰዓት 7 ደቂቃ ተኩል ነው፤ 60 ለ8 በደንብ አይካፈልም። ለ7ና ለ9ም እንዲሁ። ሰዓት ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12፣ ለ15፣ ለ20 እና ለ30 ጥሩ ነው፤ ከዚያ ውጭ አታስገድዱት።

ትልቁን ታህት ቁጠሩ። 12፤ ለ8 አይካፈልም። 24፤ ይካፈላል። 7/12 = 14/24። 3/8 = 9/24። ድምሩ 23/24። ይቃለላል? 12ንና 8ን የሚያካፍሉት 2 እና 4 ናቸው። 23 ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ለ2 ካልተካፈለ ለ4 ጭራሽ አይካፈልም። አለቀ። 3ን አልሞከርንም፤ 8 ለ3 ስለማይካፈል መሞከርም አያስፈልግም። ግምቱም ይስማማል፤ ከግማሽ አለፍ ያለ ሲደመር ከግማሽ ያነሰ፣ አንድ አካባቢ።

ታህቶቹን ያባዛ ልጅ 96 ላይ ይሠራል። 56/96 + 36/96፣ 92/96። በ2፣ 46/48። በ2፣ 23/24። ያው መልስ ነው። 46/48 ላይ ግን አንድ ጊዜ ማረፍ ያምረዋል፤ እዚያ ካረፈ ለጋሼ ያልኩት ደረሰበት፤ ጨረስኩ ብሎ አልጨረሰም።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ። ፎቶ ያመጣችሁም ካላችሁ ስልኩን ወዲህ አቀብሉኝ፤ መጀመሪያ መስመሮቹን እንቁጠር።